የወንድ ልጅ ዓምድ

የእህቴ ልጅ በአንድ የውሃ ጥናት ተቀጥራ ቆቦ ስትመጣ እኔ ዘንድ አረፈች። ዕድሜዬን በጽሕፈት ቤት ታይፕ ስመታ ስለኖርኩ መልሶቹን በመለየት እንዳግዛት ጠየቀችኝ። እሺ አልኳት።

ብዙ ሥራ የነበረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ በቤታችሁ ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ከአንድ በላይ መመለስ ይቻላል። እናት አንድ ቁጥር ናት፣ ሴት ልጅ ሁለት፣ ወንድ ልጅ ሦስት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የአንድ ቤት መልስ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ይመጣል። እኔ ለእያንዳንዱ ቀጂ የራሱን ዓምድ እከፍታለሁ፤ ተጠርቶ ከሆነ አንድ፣ ካልተጠራ ዜሮ። «ሌላ» ብለው በቃል የሞሉትንም አንብቤ በየወገኑ እመድባለሁ፤ «ምራቴ» እና «የወንድሜ ሚስት» ያሉት ሴት ዘመድ በሚል አንድ ኮድ ገቡ። በመጨረሻ የየዓምዱን ድምር ለቤቶቹ ቁጥር እናካፍላለን። መጀመሪያ የመቶኛዎቹ ድምር ከመቶ ሲያልፍ ተሳሳትኩ ብዬ ነበር።

«አክስቴ፣ አንድ ቤት ሁለት ቀጂ ቢኖረው የትኛውን ልታባርሪ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

በጥናቱ መሠረት የሕዝብ ውሃ መቅጃ ቦኖ ቀድሞ የሚተከለው፣ ጉልበት ያለው ቀጂ የሌላቸው ቤቶች በሚበዙበት መንደር ነበር። ከጎብዬ ወዲያ ያለውን የእናቴን መንደር አንደኛ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ከጦርነቱ ወዲህ እዚያ የቀሩት አሮጊቶች ናቸው፤ ምንጩም ከቁልቁለቱ ሥር ነው። ሠንጠረዡ ሲወጣ መጨረሻ ሆነ። በወንድ ልጅ ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ፣ አንድ፣ አንድ ተደርድሯል።

የቤተሰቡ አባላት የተመዘገቡበትን ገጽ ከጎኑ አመጣሁት። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ አንድም ወንድ ልጅ አልተመዘገበም።

የእህቴ ልጅ ረድፎቹ ስህተት ናቸው፣ ይሰረዙ አለች። ከተሰረዙ መንደሩ ከነጭራሹ ከሠንጠረዡ ይወጣል። መረጃ ሰብሳቢውን በስልክ ጠየቅነው። ደጋግሞ እንደጠየቃቸው ነገረን። ወንድ ልጁ የት አለ ሲላቸው ሁሉም «ማታ ይመጣል» አሉት። ወደዚያ መንደር ተመልሶ መሄድ እንደማይፈልግም ጨመረ።

በማግስቱ በሚኒባስ እስከ ጎብዬ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድን። ደርሰን ስንወርድ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። የገባነው በልጅነቴ ከማውቃት ሴት ቤት ነው። ወገቧ ጎብጧል፤ ከደጃፍ እስከ መደብ የምትሄደው ግድግዳ ይዛ ነው። ልጇ ከዘመተ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። በራፏ ላይ ሁለት ትልልቅ ጀሪካኖች ቆመዋል፤ አፋቸው ድረስ ሞልተዋል፣ ውጫቸው ገና እርጥብ ነው።

ማን እንዳመጣላት ጠየቅኋት።

«ልጄ ነዋ» አለች።

የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ፣ «እማማ፣ አይተውታል?» አለቻት።

«ማየት ምን ያደርግልኛል? ውሃው ሞልቷል። አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ አንቺ የዚህ አገር ሰው ነሽ። መርዶ ያልመጣበትን ሰው የለም ይሉታል?»

አይሉም። መርዶ እስኪነገር ድረስ ድርሻው ይቀመጥለታል፣ ሥራውም በስሙ ይጠራል። ይህን አውቃለሁ። የጀሪካኖቹ እርጥበት ከየት እንደመጣ ግን አላወቅሁም። ስንወጣ አቧራውን አየሁ፤ ከእኛ ኮቴ በቀር ዱካ አልነበረበትም። በጎረቤቶቿ ደጃፍም የሞሉ ጀሪካኖች ቆመው ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሰው አልነበረም።

ቤት ስንመለስ ምንም አልሰረዝንም። የሰዎቹን መልስ እንዳለ ትተን፣ ከአጠገቡ አዲስ ዓምድ ከፈትን፦ ቀጂ ነው ተብሎ የተጠራው በቤቱ አባልነት ተመዝግቧል ወይ? ለሁሉም መንደር በአንድ ደንብ ሠራነው። በእናቴ መንደር ዓምዱ በዜሮ ሞላ። ሁለቱንም መቶኛ ጎን ለጎን አድርገን፣ ልዩነቱን ከግርጌ ጽፈን ላክን። ቦኖው ለመንደሩ ተፈቀደ። ተተከለም፤ ከዚያች ሴት ደጃፍ ጥቂት ራቅ ብሎ።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ያንኑ ጥያቄ ይዘው በድጋሚ ዞሩ። መልሶቹ ሲመጡ እንደ ልማዴ እየከፋፈልኩ ወደ ዓምዳቸው አስገባሁ። የዚያ መንደር ቤቶች እናት፣ ጎረቤት ይላሉ። ወንድ ልጅን የጠራ አንድም ቤት አልነበረም።

ከሴትዮዋ ረድፍ መጨረሻ፣ መረጃ ሰብሳቢዎች አስተያየት በሚጽፉበት ሳጥን፣ ቃሏ እንዳለ ተጽፏል፦ «ውሃው ደጅ ድረስ መጣ። እሱ ከእንግዲህ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

የእህቴ ልጅ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው። ጨርሰሻል ወይ አለችኝ። አልጨረስኩም ነበር። በሦስተኛው፣ በወንድ ልጅ ዓምድ፣ በሴትዮዋ ረድፍ ላይ፣ ዜሮ ጻፍኩ።