አርባኛው ጉድጓድ

በጭሮ ከተማ መምህራን ጽሑፋቸውን ከመላካቸው በፊት የሚያሳዩት ለእኔ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ ታይፑንም ኮምፒውተሩንም ያለ አስተማሪ ለምጃለሁ። በዩኒቨርሲቲው ካምፓስ በር አጠገብ ባለችው ጽሕፈት ቤቴ ስንት ዶክተር አንገቱን ደፍቶ እርማቴን ተቀብሏል። አኅጽሮተ ጥናት ሙሉውን ጽሑፍ ለማያነብ ሰው የምትጻፍ አንዲት አንቀጽ መሆኗን ከብዙዎቹ ቀድሜ ገብቶኛል።

አንድ ቀትር ላይ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ሳለ አንዲት የእርሻ መምህርት መጣች። ሚኤሶ አካባቢ ገበሬዎች ማሽላ የሚያከማቹባቸውን የመሬት ጉድጓዶች አጥንታለች። የምትልክለት መጽሔት ለአኅጽሮተ ጥናት ከሁለት መቶ ሃምሳ ቃል በላይ አይቀበልም፤ የእሷ በሃያ ይበልጣል። መላኪያው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካለፋት የማዕረግ እድገቷ ለከርሞ ይቀራል።

ዓላማው ላይ የማሽላን ጥቅም የሚያወድሰውን ዐረፍተ ነገር አወጣሁና ሃያው ቃል ተገኘ። ዘዴው አርባ ጉድጓድ መመረጡን ይናገራል። ውጤቱ ላይ እህላቸው ደህና የሆነውን፣ የሻገተውንና የነቀዘውን ደመርሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝ።

«አንዱ የት ገባ?» አልኋት።

ቃል ለመቆጠብ እንዳወጣችው ነገረችኝ፤ ሙሉው ጽሑፍ ላይ ግን አለ። ማንም ከመውረዱ በፊት አየሩን ለመፈተን ኩራዝ ለኩሶ በገመድ ማውረድ የአገሩ ልማድ ነው። ያ ጉድጓድ አየር እንዲገባው ከተከፈተ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ኩራዙ አንድ ክንድ ሳይወርድ ጠፋ። ደግመው ለኮሱት፤ እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ። ነፋስ አልነበረም። ባለቤቱ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አንድ ስም ጠሩ፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆዩና ክዳኑን መለሱ። ስሙ ከዓመታት በፊት እዚያ ወርዶ ሬሳው የወጣው የወንድማቸው ነበር።

መደምደሚያዋ ግን ጉድጓዶቹ አስተማማኝ ናቸው ይላል።

«ልጄ፣ ይህን ብቻ አንብቦ የሚወርድ አለ» አልኋት።

«አባባ፣ ገደቡ ላይ ደርሰናል። ቃል ከየት ላምጣ?»

«እሱን ለእኔ ተይው።»

ሦስት ቦታ የተደገመውን «በዚህ ጥናት እንደታየው» ሰረዝሁ፤ ሌላም ትርፍ ለቀምሁ። ውጤቱ ላይ «አንዱ ጉድጓድ የወረደው መብራት በመጥፋቱ ናሙና አልተወሰደበትም» ብዬ ጻፍሁ። ወዲያው የክፍሉ መብራት ጠፋ፤ መስኮት ስለሌለው ጨለመ። በጭሮ መብራት መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም ከሥራችን ጉድጓድ ያለ ይመስል ሁለታችንም ያየነው ወደ አምፖሉ ሳይሆን ወደ ወለሉ ነበር። ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራ ስለነበር «አስተማማኝ» የሚለውን አውጥቼ «ከመውረድ በፊት አየሩ መፈተሽ አለበት» አልሁ።

የዚያን ቀን ሥራዬ ይህ ነው፦ ሠላሳ ሁለት ቃል ቆረጥሁ። አሥራ ሁለት ጨመርሁ። አርባኛውን ጉድጓድ ወደ ቁጥሩ መለስሁ። ሰው የሚገድል መደምደሚያ አረምሁ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት በስልኳ ኢንተርኔት አስላክኋት። እሷ ከሄደች በኋላም በዚያ ጨለማ ብቻዬን ቁልፌን ፈልጌ ቤቱን ዘጋሁ፤ ወደ ወለሉ ግን ደግሜ አላየሁም።