የሙባሪክ ሦስተኛው ካሜራ

ቡታጅራ ውስጥ ሙባሪክን የማያውቅ ሰው ቢገኝ እንኳ ስልኩን ያውቀዋል። ሌላው ሰው ካፌ ሲቀመጥ ስልኩን በጀርባው ያስተኛል፤ የሙባሪክ ስልክ ግን ሁልጊዜ በሆዱ ነው የሚተኛው። ሦስቱ ካሜራዎች ወደ ሰማይ ማየት አለባቸው። ሠርግ ላይ ከፊት ቆሞ ሲቀርፅ ሙሽሮቹን ሳይሆን ስልኩን የሚያስመርቅ ይመስላል። ወሬ ሲያልቅበት ደግሞ «ይሄ አይፎን ሰርቲን ፕሮ ባትሪው ግን አይጣል ነው!» ይላል፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ቀን ቀን የሚሠራው በአባቱ በርበሬ መደብር ነው። ቆንጆ ልጅ ነው፤ ሰነፍም አይደለም። ከእንሴኖ ገበያ በርበሬ ሲገዛ ዛላውን በጣቱ ሰብሮ፣ አሽትቶ፣ ውሃ የተረጨውን ካልተረጨው ይለያል። በርበሬ ላይ ማንም አያታልለውም። እሱ ግን ከተማውን ሁለት ዓመት ሙሉ አታልሏል።

እውነቱ ይህ ነው፦ ስልኩ አይፎን ኤክስ ነበር። ያውም ያገለገለ፣ ካርቶን የሌለው። የኤክስ ካሜራ ሁለት ነው፤ አንዱ ከአንዱ በላይ ተቀምጦ፣ ፍላሹ መካከላቸው ገብቶ፣ ቀጭን ሞላላ ጉብታ ላይ ይቆማል። ሙባሪክ መርካቶ ሄዶ ባለ ሦስት ዓይን አራት ማዕዘን ስቲከር ገዛና በዚያ ጉብታ ላይ ለጠፈው። ሁለቱ ቀዳዳዎች ከእውነተኞቹ ካሜራዎች ላይ አረፉ። ሦስተኛው ዕውር ነበር። «አይፎን» የሚለውን የጀርባ ጽሑፍ ደግሞ መዳፉ ይሸፍነዋል፤ ሰርቲን ፕሮ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለውምና። የሙባሪክ መዳፍ ከዚያች ቦታ ተነስቶ አያውቅም።

አንድ የገበያ ቀን ከእንሴኖ ሲመለስ ስልኩ ሚኒባስ ውስጥ ከኪሱ ሾለከ። ሲደውል ዝግ ነው። ሲሙን ወዲያው አዘጋና በሌላ ስልክ አዲስ አወጣ፤ ልቡ ግን አላረፈም። በማግስቱ የከተማው ቴሌግራም ቻናል ላይ ማስታወቂያ ወጣ፦ «ስልክ ወድቆ ተገኝቷል። ስክሪኑ ስለተሰበረ አይበራም። የኔ ነው የሚል የጀርባውን ፎቶ ይዞ ይምጣ። ሰፍያ ሞባይል።»

ሙባሪክ ደስ ብሎት ሮጠ። ስህተቱ ሃሊማን ይዞ መሮጡ ነው። ሃሊማ ፋርማሲ የምትሠራ፣ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ናት።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰፍያ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ፎቶ ይዘሃል?» አለች ሰፍያ፣ ኮቨር ከሞላው መስታወት ኋላ። ስልክ ጠጋኝ ናት፤ ምላሷ ከመፍቻዋ ይሾላል። ሠርግ ላይ ስልኩን ይዞ የተነሳውን ፎቶ አየችና ስልኩን ከመሳቢያ አወጣች። «የተገኘው ይሄ ነው። ኤክስ። ሁለት ካሜራ።»

ስቲከሩ ሚኒባሱ ውስጥ ቀርቷል። ሁለቱ ካሜራዎች ራቁታቸውን ቆመው አዩት። ዙሪያቸውን የሙጫ አሻራ ከቧቸዋል። ሃሊማ አንገቷን አስግጋ አየች።

«ያንተ ነው?» አለች።

ሙባሪክ እጁን ቢዘረጋ ስልኩን ያገኛል፤ ሁለት ዓመት የገነባውን ሰው ግን ያጣል።

«ኧረ ምን በወጣኝ!» አለ። «የኔ ሰርቲን ፕሮ ነው።»

«እንግዲያው ያንተ አይደለም» አለች ሰፍያና መሳቢያውን ገፋችው።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። የሙባሪክ ውሸት ግን እያደር ከበደው። ስልኩ ውስጥ የደንበኞች ቁጥር አለ፣ የእናቱ ድምፅ አለ፣ ሃሊማ የጻፈችለት ሁሉ አለ። በማግስቱ ብቻውን ተመለሰ። ሱቁ ግን ብቻውን አልጠበቀውም፤ ሦስት ደንበኞችና ስልኩን ያገኘው የሚኒባሱ ረዳት ዳምጤ ተቀምጠዋል።

«ሰፍያ፣ የትናንቱ ስልክ…» አለ በሹክሹክታ። «የኔ ነው።»

«ትናንት አይደለም ብለህ የለ? ያመጣኸው ፎቶ ሦስት ካሜራ አለው። ይሄ ሁለት ነው። የሰው ንብረት ልሰጥህ ነው?»

«ስቲከር ነው።»

«አልሰማሁህም።»

«ስቲከር ነው አልኩ!» ደንበኞቹ ሁሉ ዘወር ብለው አዩት።

«አስረዳኛ» አለች ሰፍያ፣ ፎቶውን በሁለት ጣቷ እያሰፋች። «ፎቶው ላይ ያለው ሰርቲን ፕሮ አለመሆኑን አሳየኝ።»

ሙባሪክ ሌላ ፎቶ የለውም። ሁለት ዓመት የተነሳው ሁሉ ባለ ሦስት ዓይን ነው። ስለዚህ ያ ሲኩራራ የኖረ አፍ ስልኩን ማዋረድ ጀመረ።

«አርማውን እይው» አለ። «ፖሟ ወደ ላይ፣ ወደ ካሜራው ቀርባለች። ሰርቲን ፕሮ ላይ መሀል ላይ ነው የምትሆነው።»

«ልክ። ሌላስ?»

«ጎኑ ክብ ነው፤ እንደ ሳሙና። የሰርቲን ጎን እንደ ጣውላ ጠፍጣፋ ነው።»

«ሌላስ?»

ሙባሪክ ላቡን ጠረገ። ፎቶው ላይ ስልኩን ዘንበል አድርጎ ስለያዘው ከጀርባ ሲታይ የግራው ጎን ይታያል። «ሲም ማስገቢያው… ከፓወር ቁልፉ በታች ነው። ሰርቲን ላይ በሌላኛው ጎን፣ ከቮሊየም በታች ነው።»

ዳምጤ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ እንዲህ ታውቅ ነበር? ታዲያ ማንን ነበር ስታሞኝ የኖርከው?»

ሰፍያ በፎቶው ላይ ያለውን የስቲከር ጠርዝና በስልኩ ላይ የቀረውን የሙጫ አሻራ አስተያየች፤ ገጠሙ። አርማው ሥር ያለችው ጭረትም ፎቶው ላይ አለች። «ያንተ ነው» አለች። «የስክሪኑን ጥገና ልመዝግብልህ፤ ሞዴሉ?»

ይህን ጊዜ ሙባሪክ ሊያሳፍረው የሚገባውን ነገር አደረገ፤ እሱ ግን አላፈረም። ድምፁን አጥርቶ፣ «ኤክስ ኤስ» አለ፤ ከኤክስ አንድ ደረጃ የሚበልጠውን።

ሰፍያ ቀና ብላ አየችው። «ከጀርባ ሁለቱ መንታ ናቸው፤ ይህንን አስበህ ነው አይደል?» ስልኩን ገለበጠችና የታችኛውን ጠርዝ በጥፍሯ ነካች። «ከቻርጀር መሰኪያው ግራና ቀኝ ያሉት ቀዳዳዎች ቁጥራቸው እኩል ነው። ኤክስ ኤስ ላይ አንዱ ወገን ያንሳል። ኤክስ ነው፣ ሙባሪክ። ወላሂ ኤክስ ነው።»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ወሬው ሙባሪክ ቤቱ ሳይደርስ ፋርማሲ ደረሰ።

ሃሊማ ሲያገኛት አልጮኸችም። «ስልኩ ምንም አልነበረም» አለችው። «ዓይኔ እያየ ‘የኔ አይደለም’ ስትል ግን ሆዴ ፈራ። ነገ እኔንስ ‘የኔ አይደለችም’ ብትል?» የጋብቻው ወሬ ለጊዜው ቆመ፤ አሁንም እንደቆመ ነው።

ሰው ከዚህ በኋላ ይታረማል ብሎ ይጠብቃል። ሙባሪክ ግን ዳኛ ሆነ። ዛሬ ካፌ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያኖር ሙባሪክ ከወዲያ ጥግ ዓይኑን ያጠባል። «ካሜራው ሰያፍ ነው፤ ሰርቲን ነው እንጂ ትዌልቭ አይደለም።» «የፓወሩ አካባቢ ጎኑ ላይ ከፍ ብሏል፤ ይሄ ሳምሰንግ ኤ ፊፍቲ ፋይቭ ነው፣ ኤ ፊፍቲ ፎር እያለ የሸጠለት አላወቀውም።» አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ባለፈው ሠርግ ላይ የሙሽራውን ወንድም በሰው ፊት «አርማህ ወደ ላይ ወጥቷል» ብሎት ሊደባደቡ ደርሰው ነበር።

ይህን ሁሉ ሲፈርድ የራሱ ስልክ ከኪሱ አትወጣም። ሲደወልለት ብቻ ያወጣታል፤ ያኔም ወፍራም ጥቁር ኮቨር ለብሳለች።