ሠላሳ አምስተኛው ረድፍ

ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ልናገረው፤ ኋላ ሰው ስወቅስ «አንቺስ?» የሚል እንዳይነሳብኝ።

ያኔ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ በመሬት አስተዳደር ቢሮ ውስጥ መረጃ ወደ ኮምፒውተር አስገባ ነበር። ዘመኑ የ«ሥራ ሂደት» እና የግምገማ ዘመን ነው። የገበሬው ማሳ በመሣሪያ ተለክቶ አዲስ የይዞታ ደብተር ሊሰጠው ነው። ደብተሩ ላይ የሚታተመው ስምና ስፋት እኔ ከምተይበው ዝርዝር ይወጣል። እኔ ከሳትኩ ደብተሩም ይስታል፣ ደብተር ከሳተ ደግሞ ፍርድ ቤት ነው፣ ፍርድ ቤት ደግሞ ዕድሜ ይበላል።

የአንዲቱን ጎጥ ማሳዎች የለካው ባለሙያ ዝውውር ደርሶት ሄደ። ላፕቶፑን ቫይረስ በላው፣ ፎርማት ተደረገ፣ ፋይሉም አብሮ ጠፋ። በመስክ የተሞላው ወረቀት ዞን ተልኳል፤ ዞን የገባ ወረቀት መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አንድዬ ብቻ ነው። የቀረን ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ለአስተባባሪያችን በቴሌግራም የላከው አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ስክሪንሹት ነበር። አስተባባሪው ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ይቺን ገልብጪ፣ ሐሙስ መኪናው ወደ ኅትመት ይሄዳል» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ትእዛዙ።

ምስሉን ወደ ኮምፒውተሬ አዛውሬ ሳየው መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ከላይ ያሉት ፊደላት ናቸው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይልና በቀጥታ ወደ ኤች ይዘላል። ከመሃል አራት አምድ የለም። ባለሙያው ገጹ አንድ ስክሪን ላይ እንዲገባለት አራቱን የአዋሳኝ አምዶች ደብቋቸዋል፤ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ሰሜን፣ ደቡብ። እኔ የምሞላው ቅጽ ደግሞ ከማሳ ቁጥሩ ቀጥሎ አዋሳኞቹን ይጠይቃል። ዝም ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ የሚገለብጥ ሰው የማሳውን ስፋት «ምሥራቅ» የሚል አምድ ውስጥ ይከተዋል። ይህንን በማየቴ እንዴት እንደኮራሁ አልነግራችሁም። አራቱን አምድ ባዶ ትቼ ስፋቱን በራሱ ርዕስ ሥር አስገባሁ። አስተባባሪው «አዋሳኙን ከዝርዝሩ ቅደም ተከተል ገምቺና ሙዪው» ሲለኝ «ዝርዝር ላይ አጠገብ መጻፍ መሬት ላይ አጠገብ መሆን አይደለም» ብዬ አፉን አስያዝኩት።

እንግዲህ ኩራት ያለበት ቦታ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። አምዱን ጠበቅኩ፣ ረድፉን ለቀቅኩ።

በምስሉ ላይ የአብዛኛው ሰው ስም በየማሳው ረድፍ ተደጋግሞ ተጽፏል። ሦስት ሰዎች ጋ ግን ባለሙያው መድገም ሰልችቶት የስሙን ሴሎች አዋህዶ አንድ ሳጥን አድርጓቸዋል፤ ስሙ አንዴ ይጻፋል፣ ማሳዎቹ ይደረደራሉ። እኔ ያደግሁበት ሥራ የእጅ መዝገብ ነው። በእጅ መዝገባችን ስም ከላይ ይጻፋል፣ ከሥሩ ያለው ባዶ ሁሉ የዚያው ሰው ነው። ቀበሌ ውስጥ ያለ ጸሐፊ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያነበው፣ እኔም እንደዚያው አነበብኩ። ሠላሳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የአንድ ሰውዬ ስም አለ፤ ሠላሳ ሦስትና ሠላሳ አራት ባዶ ናቸው፤ ሠላሳ አምስት ላይ የአንዲት እማሆይ ስም አለ። ስለዚህ ሦስቱን ማሳ ለሰውዬው፣ አንዱን ለእማሆይ ሰጠሁ። እጄ እንኳን አልዘገየም።

ሰውዬው የጎጡ ሰው ብቻ ሳይሆን የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ አባል ነው። እማሆይ ባላቸው ከሞተ በኋላ ቆብ የጫኑ ባልቴት ናቸው።

ዝርዝሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀበሌው ግቢ ውስጥ በአደባባይ ተነበበ። እኔ አልሄድኩም ነበር። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስደርስ እማሆይ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ በእግራቸው ነው የመጡት፣ ጫማቸውን ጭቃ ውጦታል።

«የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉኝ፣ ልጄ።»

«አዎ እማሆይ፣ ይግቡ።»

«እኔ ፊደል አላውቅም። መሬቴን ግን አውቃለሁ። ሦስት ነው። አንድ ነው ብለው አነበቡት፤ ወንዝ ዳር ያለው ድንቼ፣ ከሱ በላይ ያለው በቆሎዬም የጎረቤቴ ሆነ። እሱ ቆሞ ሲሰማ ነበር። አንዲት ቃል አልወጣችውም።»

ምስሉን ከፈትኩና አጎላሁት። ሲጎላ ነው ጉዱ የታየኝ። በስሞቹ አምድ ውስጥ፣ ከሠላሳ ሁለት በታች ቀጭን ግራጫ መስመር አለ። ከሠላሳ ሦስት በታች ግን መስመር የለም። ከሠላሳ አራት በታችም የለም። ቀጣዩ መስመር ያለው ከሠላሳ አምስት በታች ነው። ሦስቱ ረድፍ አንድ ሳጥን ናቸው፤ ኤክሴል ደግሞ ካላዘዙት በስተቀር በረጅም ሳጥን ውስጥ ያለን ጽሑፍ ከታች ነው የሚያስቀምጠው። የእማሆይ ስም ከማሳዎቻቸው በታች ተቀምጦ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከሱ በታች ያለውን ስጠብቅላቸው።

በግራጫ መስመር ብቻ ሰው አላምንም፤ ራሴንም አላምንም። ስለዚህ ወደ መጨረሻው አምድ ሄድኩ። እዚያ የእያንዳንዱ ሰው ጠቅላላ ስፋት ተደምሯል። ቅጹ ራሱ ስለሚደምር ያንን አምድ ሳልገለብጠው ዘልዬው ነበር። የሰውዬው ድምር ግማሽ ሄክታር ይላል፤ እኔ አንድ ሄክታር ተኩል አድርጌዋለሁ። የእማሆይ ድምር አንድ ሄክታር ከሩብ ይላል፤ እኔ ሩብ ብቻ ትቼላቸዋለሁ። ግማሽ፣ ግማሽ፣ ሩብ፤ ሦስቱ ረድፎች ሲደመሩ ልክ የሳቸውን ይመጣሉ። ሌሎቹን ሁለት የተዋሃዱ ሳጥኖችም እንዲሁ ደመርኳቸው። እነሱም ተዛብተዋል።

«እማሆይ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጭቃውን ከጫማቸው ይጠርጉ ጀመር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አስተባባሪው ጋ ገባሁ። ምስሉን፣ መስመሩን፣ ድምሩን አሳየሁት። ገብቶታል፤ ሞኝ አይደለም። «ኮሚቴው አጽድቆ ፈርሟል እኮ» አለ። «አሁን ብንነካው ዕቅዳችን ይጎድላል። ይታተም፤ እሳቸው ቅሬታ በፎርም ያቅርቡ፣ ቀስ ብሎ ይስተካከላል።»

«ደብተር ከታተመ በኋላ የሰማንያ ዓመት ባልቴት ፎርም ይዘው ይዙሩ ነው የምትለኝ?»

«አትጩሂብኝ።»

«አልጮህኩም፤ ገና ነኝ።»

ከወንበሩ ብድግ አለ። በግምገማ እንገናኛለን አለኝ። ውጤቴን፣ የዓመቱን ነጥብ፣ ምን ያልጠቀሰው ነገር አለ። ያን ጊዜ ግምገማ ማለት ሰው ባልደረባው ፊት ቆሞ ጥፋቱን የሚናዘዝበት ነው፤ ስንቱን አስለቅሷል። እኔ ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ «ያዘጋጀው» የሚል ቦታ አለ፣ ፊርማዬ የሚሰፍርበት። «ይህ ፊርማ ከሌለ ኅትመት አይቀበለውም፤ እኔም አልፈርምም» አልኩት። «ግምገማው ላይም ለምን እንዳልፈረምኩ እናገራለሁ። ስህተቱ የኔ ነው ብዬ ነው የምጀምረው፣ ከዚያ ያንተ ከየት እንደሚጀምር እናያለን።»

ብዙ ተከራከርን። በስተመጨረሻ «እንግዲያ አንቺው ሂጂና ቀበሌው ፊት ራስሽን አዋርጂ» አለኝ። ውርደት ብሎ ያሰበው እሱ ነው።

ረቡዕ ቀበሌው ግቢ ሰው ተሰበሰበ። የተስተካከለውን ዝርዝር አትሜ ይዤ ነበር። አራቱ የአዋሳኝ አምዶች አሁንም ባዶ ነበሩ፤ እነሱን ሽማግሌዎችና ባለይዞታዎቹ ማሳ ለማሳ ሄደው እንዲያስሞሉ ተስማማን። ቆሜ የሳትኩትን ተናገርኩ፤ ስም ከላይ ነው ብዬ እንዳነበብኩ፣ ምስሉ ላይ ግን ከታች እንደነበር፣ ድምሩም እንደሚመሰክር። ጎልማሶቹ ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ «ጸሐፊ ሲሳሳት እንጂ ተሳሳትኩ ሲል አይተን አናውቅም» አሉ።

የኮሚቴው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራረገና «እኔ እንኳ ቢሮው ያመጣው ነው ብዬ ነው» አለ።

እማሆይ ወደሱ ዘወር ሳይሉ፣ ለመሬቱ የሚናገሩ መስለው፣ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉ። ሰውዬው መቋሚያውን ካንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

ከዚያ የባለይዞታዎቹ ፊርማ ሆነ። እኔ ዝርዝሩን ሳስተካክል የእማሆይን ስም በየረድፉ ደግሜ ጽፌ ነበር፤ የፊርማውን ቦታ ግን እንደ ልማዳችን ሦስቱን ረድፍ አዋህጄ አንድ ሳጥን አድርጌዋለሁ፤ አንድ ሰው አንዴ ይፈርማል ብዬ። የቀለሙን ሙዳይ አቀረብኩላቸው፣ ጣታቸውን ይዤ ወደ ሳጥኑ ላመራው ስል እጃቸውን መለሱ።

«ይህ የስንቱ ነው?»

«የሦስቱም ነው፣ እማሆይ። አንዴ ካስቀመጡ ይበቃል።»

«አንድ ስም ለሦስት ብለሽ እኮ ነው ሁለቱን የወሰድሽብኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

ፊቴ ነደደ። እውነታቸውን ነበር። ከቀበሌው ጸሐፊ ማስመሪያ ተቀብዬ፣ ያዋሃድኩትን ሳጥን በእስክሪብቶ ሁለት መስመር አሰመርኩበት። እማሆይ ጎንበስ ብለው እያንዳንዱ መስመር ከጫፍ ጫፍ መድረሱን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም እየነከሩ አንዱን ለድንቹ፣ አንዱን ለበቆሎው፣ አንዱን ለቤታቸው ጓሮ፣ ሦስት ጊዜ አሳረፉ።