መዝገቧ ያልመለሰችው ጥያቄ

ያ ክረምት ዝናቡ ሳያባራ የከረመበት ነበር። የሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል ግድግዳ ወርዝቶ፣ ካርቶኖቹ ሲነኳቸው ይልሞሰሞሱ ነበር። ሰው ጃንጥላውን በር ላይ እያራገፈ ስለሚገባ ወለሉ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ሌላው ሰው ብርዱን ነው የሚያስታውሰው። እሷ ግን ከዚያ ክረምት ያስቀረችው ሌላ ነገር ነው፤ ሆዷ ውስጥ እንደዚያ ወለል የማይደርቅ ነገር።

መዝገቧ ይሏት ነበር። አሥራ አራት ዓመት መድኃኒት ስታድል፣ የትኛው መድኃኒት ከየትኛው እንደማይስማማ በቃሏ ስለያዘች ነው። ከመስኮቷ አጠገብ በካርቶን ላይ በገዛ እጇ የጻፈችው ሠንጠረዥ ተሰቅሏል። በቀኝ በኩል የጉበትን ኢንዛይም የሚያጣድፉ መድኃኒቶች፣ በግራ የሚያግዱት። ኢንዛይሙ ሲጣደፍ ጉበት ሌላውን መድኃኒት ቶሎ ይፈጭና ጉልበት ያሳጣዋል፤ ሲታገድ ደግሞ መድኃኒቱ ሳይፈጭ ደም ውስጥ ይጠራቀምና ይጎዳል። ወጣት ሐኪሞች ሳይቀሩ አንገታቸውን እያሰገጉ ያነቡት ነበር። የእሷ ኩራት እሱ ነው።

በሁለተኛው መስኮት የምትቀመጠው የእናቷ ልጅ ናት፤ ታናሽ እህቷ። ከመጣች አራት ዓመቷ። በሽተኛው መዝገቧ ያለ ወረፋ ተቀምጣ እያየ፣ «የለም፣ እኔ ሳቂታዋ ጋ ነኝ» እያለ እዚያኛው ወረፋ ላይ ይሰለፋል። እናታቸውም እንደዚያው ናት። ስለ ትንሿ አውርታ አትጠግብም፤ ትልቋን ግን «አንቺማ ጠንካራ ነሽ» ብላ ታልፋታለች። ጠንካራ ነሽ ማለት ምን ማለት ነው? ምንም አያስፈልግሽም ማለት አይደል? መዝገቧ ይህን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ እሾህ ይዛው ኖራለች።

በዚያው ክረምት የክፍሉ ኃላፊ ሁለቱንም ጠራቸው።

«አንድ ቦታ መጥቷል፤ ለዲግሪ። ከእናንተ አንዳችሁ ትሄዳላችሁ። ፈተናውን የሚያወጣው የኮሌጁ መምህር ነው» አለና ወደ መዝገቧ ዞሮ ሳቀ። «አንቺ እንኳ ተኝተሽም ታልፊዋለሽ።»

መዝገቧ ይህን ቦታ አሥራ አራት ዓመት ጠብቃዋለች። ዕድሜዋ አርባን እየተጠጋ ነው፤ ይህ ካመለጣት ሌላ እንደማይመጣላት ታውቃለች።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ታናሿ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂ።»

«የሳንባ መድኃኒቱ፣ ሪፋምፒሲን፣ የጉበትን ኢንዛይም ያጣድፋል። ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ቶሎ ይፈጫል፤ ስለዚህ የዋርፋሪኑ መጠን ይጨመራል። እሺ። በሽተኛው ሪፋምፒሲኑን ጨርሶ ሲያቆምስ?»

መዝገቧ ዓይኗን ወደ ሠንጠረዡ ወረወረች። ሠንጠረዡ ላይ ስም እንጂ «ሲያቆምስ» የሚል የለም። አስባበትም አታውቅም። ግን አላውቅም ይባላል? ለዚያውም ለእሷ? ብታውቀውስ ትነግራታለች?

«ፈተናው የእኔም ነው። እንደ ሰው ቁጭ ብለሽ አንብቢ።»

«ውይ፣ አትቆጪ በናትሽ! የሳንባ ክፍሏን ነርስ እጠይቃታለሁ።»

በዝናብ ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ መዝገቧ በመስኮቱ አሻግራ ስታይ፣ ታናሿና ነርሷ የሳንባ ሕክምናቸውን የጨረሱ በሽተኞችን ካርድ ዘርግተው፣ ደግሞ እየሳቁ፣ ቀን ከቀን ያመሳክራሉ። «ምን ያስቃታል? ከማን ጋርስ የማትስማማው አለ?» አለች በሆዷ። ጥያቄውን ራሷ መጽሐፍ ገልጣ ልትፈልገው ትችል ነበር። የታናሿ ጥያቄ ስለሆነ አልፈለገችውም።

ፈተናው ሃያ ጥያቄ ነበር። መዝገቧ አሥራ ዘጠኙን እንደ ውኃ ጠጣችው። የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞል ከዋርፋሪን ጋር ሲሰጥ? ያግዳል፣ ዋርፋሪኑ ይበዛል፣ ሰውዬው ይደማል። ሃያኛው ረዘም ያለ ነበር። የልቡ ክዳን፣ ቫልቩ፣ በሰው ሠራሽ የተተካለት ሰው፤ ዋርፋሪን ይወስዳል፤ ሪፋምፒሲን ሲጀምር ዋርፋሪኑ በእጥፍ ተጨምሮለታል፤... ሪፋምፒሲን የሚለውን ስታይ እጇ ቀደማት። «ኢንዛይም ያጣድፋል፤ ዋርፋሪኑ ያንሳል፤ ደሙ ይረጋል፤ መጠኑ ይጨመር» ብላ ጻፈች። ቀና ስትል ታናሿ እስክሪብቶ እየነከሰች ታስባለች። ደስ አላት።

የጥያቄው የመጨረሻ መስመር «ባለፈው ሳምንት ሪፋምፒሲኑን ጨርሷል» ይል ነበር።

ውጤት ሲነገር እስከ አሥራ ዘጠነኛው እኩል ነበሩ። መምህሩ ሃያኛውን አነሳ።

«አጋጅ መድኃኒት የሠራተኛ እጅ እንደማሰር ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ገመዱም ይፈታል፤ በአብዛኛው የቀናት ጉዳይ ነው። አጣዳፊው ግን አዲስ ሠራተኛ መቅጠር ነው። ቀጣሪው ሲሄድ ሠራተኞቹ በአንድ ጀንበር አይበተኑም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት እየተንጠባጠቡ ይወጣሉ። ያን ጊዜ እጥፍ የተደረገው ዋርፋሪን ማን ይፈጨዋል? ይጠራቀማል፤ ሰውዬው ይደማል። መጠኑ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል፣ ደሙም ቶሎ ቶሎ ይመረመራል።» የታናሿን ወረቀት ከፍ አደረገ። «እሷ ቀኑንም አንብባለች።»

«እኛ ግን ሠንጠረዡን ይዘን ቀረን» አለ ኃላፊው ሊያጽናናት ፈልጎ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ!»

ሁሉም ሳቀ። ታናሿ ብቻ አልሳቀችም፤ ያ ደግሞ መዝገቧን ከሁሉ ይበልጥ አንገበገባት።

ታናሿ በሄደች በወሩ አንድ ጡረተኛ ሹፌር መዝገቧ መስኮት ላይ ቆመ። ማዘዣው ዋርፋሪን፣ በቀን ሁለት ክኒን፣ ለአንድ ወር ይላል።

«ዱሮ አንድ አልነበር?» አለችው።

«የሳንባውን ስጀምር ነው ሁለት ያደረጉልኝ፣ የኔ እመቤት። እሱንማ ገላገልኩት፤ ጨረስኩ፣ ሁለት ሳምንቴ! እንግዲህ ድዴ ብቻ ነው፤ ጥርሴን ስፍቅ ይደማል። እርጅና ነዋ።»

እጇ ክኒኑ ላይ ቀረ። ዝም ብላ ብትሰጠው የታዘዘውን ነው የሰጠችው። ብትናገር ግን ከአፏ የሚወጣው የታናሿ መልስ ነው፤ ያሸነፈቻት መልስ። ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

«አባባ፣ ይህን አልሰጥዎትም። ወንበሩ ላይ አረፍ ይበሉ» አለችና ማዘዣውን ወደጻፈው ሐኪም ደወለች።

ሐኪሙ ደሙን አስመረመረው፤ ከልክ በላይ ቀጥኗል። ዋርፋሪኑ ለጊዜው ተቋርጦ መጠኑ እንዲቀነስ ታዘዘ። ሐኪሙ ራሱ ወርዶ መጣ።

«አተረፍሽው! ይህን ማን አስተማረሽ?»

ዓይኗ ወደ ሁለተኛው መስኮት፣ ወደ ታናሿ ባዶ ወንበር ሄደ።

«ሥራዬ አይደል» አለች።

ታናሿ ስትደውል የሹፌሩን ነገር አላነሳችላትም። ሠንጠረዡም ላይ አልጻፈችውም። ሠንጠረዡ የእሷ ብቻ እንዲሆን ፈልጋ ነበር። የሳንባ መድኃኒቱን ጨርሶ ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ግን ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ቀኑን ሳትጠይቅ አልሰጠችም።

ከዓመታት በኋላ ታናሿ ዲግሪዋን ይዛ የክፍሉ ኃላፊ ሆና ተመለሰች። በመጀመሪያው ቀን «እትዬ፣ አንቺ እያለሽ እኔ አላዝሽም፤ ቢሮውን አብረን እንቀመጥበት» አለቻት። ክፋት አልነበረበትም። መዝገቧ በማግስቱ የዝውውር ማመልከቻ አስገባች። እናታቸውም ሲነገራት «እሷማ ጠንካራ ናት» አለች።

የተዛወረችው ከዋናው መንገድ ዳር ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። መጨረሻ የተሰማው፣ እዚያው መድኃኒት ክፍል፣ ከመግቢያው ሁለተኛው በር፣ ብቻዋን እንደምትሠራ ነው።