በሥራ ቁጥር የመጣው የወንድሜ መልእክት

እኔ የሬሳ ሳጥን ሠሪ ነኝ። በርም አልጋም እሠራለሁ፤ ሆሳዕና ውስጥ ሰው የሚያውቀኝ ግን በሳጥኑ ነው። ማንበብ የተማርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ሳነብ እስከ ዛሬ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። አፍሬበት አላውቅም።

ስልኬ አንድ ነው፤ ሁለት ሲም ይይዛል። አንደኛው ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው የድሮ ቁጥሬ ነው። ሁለተኛውን ያወጣችልኝ ልጄ ናት፤ የሥራ ቤቱ ታፔላ ላይ የተጻፈው እሱ ነው። ልጄ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው የምትሠራው፤ ለሁሉ ነገር የራሱ ፋይል ካልተከፈተለት እንቅልፍ አይወስዳትም። መልእክቱንም ለየችልኝ። ሁለት አረንጓዴ ምልክት ስልኩ ላይ ጫነች። የስልክ ሥዕል ያለበት የቤት ነው፣ በድሮው ቁጥሬ ገባ። ስምንት ቁጥር የመሰለ የፈረንጅ ፊደል ያለበት የሥራ ነው፣ በአዲሱ ቁጥር ገባ። ለቤቱ የወፍ ድምፅ ሰጠችው። ለሥራው አጭር፣ ደረቅ፣ «ኳ» የምትል ድምፅ መረጠች፤ ጣውላ በመዶሻ እንደመምታት።

በሥራው በኩል አዲስ ሰው ሲጽፍ ስልኩ ራሱ ይመልሳል። ልጄ ናት እንዲህ ብላ የጻፈችው፦ «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ። የሟቹን ቁመት፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ የቀብሩን ሰዓት ይላኩልን።»

ይህ ሥራ በስልክ ከሆነ ወዲህ አንድ የማልወደው ነገር መጣ። ለቅሶ ቤት ውስጥ የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ዘመድ በመጥራት ይያዛል። ሥራ የፈታው የሟቹ ስልክ ነው። ስለዚህ አንሥተው በእሱ ይጽፉልኛል። «ኳ» ሲል አያለሁ፤ ኮት ለብሶ የሚስቅ ሰውዬ ፎቶ፣ ከሥሩ «ቁመት 1.68፣ ባሕር ዛፍ፣ ነገ ስድስት ሰዓት»። ሰውዬው የራሱን ቁመት ራሱ ለክቶ የላከልኝ ይመስላል። ከቀብሩ በኋላ ደግሞ ልጁ ስልኩን ይወርሰዋል። ከወር በኋላ ያው የሚስቀው ፎቶ «ኦንላይን» ይላል። የሥራዬን ዝርዝር ወደ ታች ስስበው መቃብር ቦታ መሀል እንደመሄድ ነው፤ ልዩነቱ እነዚህ ፊታቸው ይታያል።

ለዚህ ነው ዘመዶቼን ሰብስቤ ያስጠነቀቅኳቸው። «በታፔላው ቁጥር ከእናንተ አንድ ሰው እንዳይጽፍልኝ። ሰላምታም ቢሆን። በዚያ ቁጥር የዘመዴን ፊት ማየት አልፈልግም።» ሳቁብኝ። አንዷ የአክስቴ ልጅ «ስንሞትስ?» አለች። «ያኔ ጎረቤት ይጻፍ» አልኳት። ሁሉም ቃሌን ጠበቁ።

ድምፁ ቢለይም አንድ ቀን ቀላቀልኩት። ወፏም «ኳ»ም ባንድ ጊዜ ጮኹ። የአጎቴ ልጅ ሚስቱ እንደወለደችለት ጽፏል። ከሆመቾ ደግሞ አንድ አባት የትንሽ ልጁን ቁመት ልኳል። እጄ መላጊያ ይዟል፣ መነጽሬ አቧራ ጠጥቷል። የላይኛውን ነክቼ በድምፅ መለስኩ፦ «እንኳን ደስ አለህ! ጌታ ይባርከው! ኪሎው ስንት ነው?» ለሐዘንተኛው ነበር የላክሁት። እስካጠፋው ድረስ ሰውዬው ሰምቶታል። ሳጥኑን ሊወስድ ሲመጣ ዓይኔን አየኝና «ሰባት ኪሎ ነበር» አለኝ።

ለልጄ ስነግራት ራሷን ያዘች። «አባ፣ በቃ፤ ሥራ ላይ ሳለህ የቤቱ ዝም ይበል» አለች። የቤቱን ማሳወቂያ ዘጋችው። ወፏ ጸጥ አለች። «መልእክቱ መምጣቱን አይተውም፤ ገብቶ ይቀመጣል፤ አይጮህም ብቻ። ማታ ማታ ራስህ ከፍተህ ታያለህ። እሺ በል።»

«የሚፈልገኝ ይደውልልኛል» አልኳት።

«ማታ ማታ ክፈተው ነው የምልህ!»

«የሚፈልገኝ ሰው ይደውላል!»

እንዲህ ነኝ። አንዴ የተናገርኩት ነገር እንደ ምስማር ነው፤ የሚነቀለው ጎብጦ ነው። ማታ ማታ አልከፈትኩትም። ክረምቱም ገባ፤ በክረምት ሥራ ይበዛል።

አሁን ስለ ታላቅ ወንድሜ። ጊምቢቹ ነው የሚኖረው፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጆቹ ሩቅ ናቸው። አምና ጉሮሮውን ታሞ ተቀደደና ድምፁ ጠፋ። አርባ ዓመት ሙሉ ሲጮህ የኖረ ሰው ትንፋሽ ብቻ ቀረው። ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው በጽሑፍ ነው፤ እሱ ይጽፋል፣ እኔ በድምፅ እመልሳለሁ። «ፊደልህን እንድታሻሽል ነው የታመምኩት» ብሎ ጽፎልኝ ያውቃል። እንግዲህ «የሚፈልገኝ ይደውላል» ስል የማይደውል ወንድም እንዳለኝ ረስቼ ነው። እንዴት ይረሳል? እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ዝም ሲለኝ እሱ የተቀየመኝ መሰለኝና እኔም ዝም አልኩ።

ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። ጉሙ ወርዶ ከሥራ ቤቱ በር ማዶ ያለው መንገድ አይታይም። ባጃጅ ሲያልፍ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ብቻዬን ነበርኩ። «ኳ» አለ።

የወንድሜ ፊት ነው። ሥራው በሚገባበት በኩል፣ ክራባት አስሮ የተነሣው ፎቶ፤ ከሥሩ «1.75። ዋንዛ።»

ተቀመጥኩ። ከፈትኩት። መጀመሪያ «አለህ?» ብሎ ጽፏል። ቀጥሎ ስልኬ ራሱ የመለሰው አለ፦ እግዚአብሔር ያጽናናችሁ፣ የሟቹን ቁመት። ከዚያ ቁመቱ። ሰዓቱን አልጻፈም። ሐዘንተኛ ሰዓት ይረሳል፤ የተለመደ ነው። ወንድሜ ሞቷል፣ ማስጠንቀቂያዬን የማያውቅ ጎረቤት በስልኩ እየጻፈ ነው አልኩ። ከዚህ ሌላ አልታየኝም።

አላለቀስኩም። እጄ ብቻውን ተነሣ። ከጥግ የዋንዛ ጣውላ አወረደ፣ ሜትር ዘረጋ፣ አንድ ከሰባ አምስት ላይ በእርሳስ መስመር ጣለ። ጣውላውን ግድግዳው ላይ አቁሜ ለምን እንደሆነ አላውቅም ጀርባዬን ሰጠሁት። መስመሩ አናቴ ላይ አረፈ። እኔና እሱ ቁመታችን አንድ ነው፤ እናታችን ጎን ለጎን ስታቆመን «ባንድ ክር የተቆረጡ» ትል ነበር። ጉሙ በሩን አልፎ ገብቶ ነበር። ጣውላው ጀርባዬ ላይ በረዶ ሆነብኝ፤ ቶሎ ሸሸሁት።

የቀብሩን ሰዓት ልጠይቅ ብዬ ደወልኩ። ተነሣ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አልኩ።

የለም። ከጀርባ የሴት ልቅሶ፣ የሰው ድምፅ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ትንፋሽ ብቻ ነው፤ የሚያፏጭ፣ ደረቅ፣ ዝግ ባለ መጋዝ እንደሚቆረጥ እንጨት ያለ። «ማን ነህ?» አልኩ። ትንፋሹ ፈጠን አለ። ሙት አነሣው አልኩ በልቤ። ይህን ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ብናገር ይገሥጸኛል፤ ያን ሰዓት ግን እንደዚያ ነው ያልኩት። ስልኩ ከእጄ ወድቆ ሰጋቱራው ውስጥ ገባ።

ከሰጋቱራው ሳወጣው ተዘግቷል። አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ፣ በዚያው በሥራው ጻፍኩ፦ «ሟቹ ማን ነው»

ሁለቱ ጭረቶች ሰማያዊ ሆኑ። ተነበበ ማለት ነው። ከፎቶው ሥር «እየጻፈ ነው» አለ። ጠፋ። ደግሞ «እየጻፈ ነው» አለ። ክራባቱን እያየሁ ቆምኩ። ከዚያ «ኳ»።

«እኔ።»

ወደ ውጭ የሮጥኩ ይመስለኛል፤ ጉሙ ውስጥ ቆሜ ነው የሚቀጥለውን ያነበብኩት። ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ።

«በቤት ቁጥርህ ዘጠኝ ቀን ጻፍኩልህ። ደርሷል ይላል፣ ተነቧል አይልም። በዚህኛው ግን ወዲያው ይመለሳል። ለካ አንተ የምትመልሰው ለሙት ነው። ቁመት ጠየቅኸኝ፣ ላክሁልህ።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። በሕይወት አለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ነው የቤቱን አረንጓዴ የከፈትኩት። ከዘመድ ሰላምታ መሀል ዐሥራ አራት የወንድሜ መልእክት ተቀምጧል። የመጀመሪያው ረጅም ነው፤ ጉሮሮው ዳግም ካልተቀደደ መተንፈሻው ሊዘጋ እንደሚችል ሐኪም ነግሮታል። ሐሙስ ጠዋት እዚሁ ሆሳዕና ሆስፒታል መግባት አለበት፤ ግን አስታማሚ ሳይዝ አይቀበሉትም። «አስታማሚ ትሆነኛለህ?» ይላል። ሁለተኛው «መልስ ስጠኝ» ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት እያጠሩ ይሄዳሉ። የመጨረሻው «እሺ» ብቻ ነው። የትናንት ነው።

ሐሙስ ነገ ነው።

«መጣሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ በየትኛው በኩል እንደጻፍኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሥራ ቤቱን ሳልቆልፍ መናኸሪያ ሄድኩ።

ጊምቢቹ ስደርስ ወንድሜ ሶፋው ላይ ነው፤ ከስቷል፣ ትንፋሹ ያው በስልክ የሰማሁት ነው። ለምን በጎረቤት አላስደወልክም ብዬ ስጠይቀው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ወረቀት አነሣና «ለጎረቤት ምን ልበል? ወንድም የለኝም ልበል?» ብሎ ጻፈ።

«ወፏን ልጄ ዘግታት ነው፣ ጋሼ» አልኩት።

የትኛዋን ወፍ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። ከልጄ ምክር እስከ ምስማሩ ግትርነቴ ድረስ ነገርኩት። ሰባት ኪሎውንም ነገርኩት። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። እያየሁት ፀጉሬ ቆመ። ከዚያ ጻፈ፦ «ጣውላውን ቆርጠኸዋል?»

«መስመር ብቻ ነው የጣልኩበት።»

«ጎበዝ። አትቸኩል።»

ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል አስገባሁት። በአልጋ ሲወስዱት እጄን ይዞ ነበር፤ በሩ ጋ ለቀቀኝ። ወረቀት የያዘች ነርስ መጣችና «አስታማሚው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«የምናገኝህ በየትኛው ስልክ ነው፣ አባባ?»

«ሁለት ቁጥር አለኝ» አልኳት።

«አንዱን ንገረኝ፤ ነገር ቢኖር በምንደውልበት።»

ስልኩን አውጥቼ አየሁት። ሁለቱ አረንጓዴዎች ጎን ለጎን ናቸው። ነገር ቢኖር። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

«አትጻፊው» አልኳት። «ከዚህ በር አልነሣም። በአፍሽ ጥሪኝ።»