የነፊሳ ማሽንና የሰው አደራ

ነፊሳ ከጅዳ ስትመለስ እሷ ቀደመች፤ ንብረቷ ኋላ ተከተላት። የሰው ቤት እየጠረገች፣ የሰው ልጅ እያሳደገች ያሳለፈችው ዕድሜ ተጨምቆ ሁለት ካርቶንና አንድ የእንጨት ሳጥን ወጣው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የልብስ ስፌት ማሽን ነው። ጅዳ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ሱቁን ሲዘጋ በርካሽ የለቀቀላት፣ ዓርብ ዓርብ በዕረፍቷ ቁጭ ብላ የተማረችበት ማሽን ነው። ማሽኑ ከጉምሩክ ከወጣ በሱ ትበላለች፤ ካልወጣ ፓስፖርቷን አሳድሳ ወደ ሰው ማጀት መመለሷ ነው። በሃምሳ ዓመቷ ያንን የአሠሪ ቤት ደረጃ መውጣትና መውረድ ስታስበው ጉልበቷ ገና ከአሁኑ ያማት ነበር።

ያደገችው ካዛንቺስ ነው። ቤታቸው የነበረበት ቦታ ዛሬ ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ አበባ ተተክሎበታል፣ መብራት ቆሞበታል። እህቷ ሀፊዛ ቂርቆስ ከኦሎምፒያ ኋላ በኪራይ ቤት አስጠግታታለች። የካዛንቺስ ጎረቤቶች ግማሹ የት እንደገባ አይታወቅም። ደጋጋ ግን አልጠፋም። እንደ ደጋጋ ያለ ሰው ሰፈር ሲፈርስ ከፍርስራሹ ቀድሞ የሚነሣ፣ አዲሱ ሰፈር ውስጥም ቀድሞ ወንበር የሚይዝ ነው።

ደጋጋ ሥራው ምን እንደሆነ እሱም አጥርቶ አይናገርም። በጠዋት ተነሥቶ ጫማውን ያስጠርጋል፤ ኦሎምፒያ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ ማኪያቶ አዝዞ እስከ ምሳ ሰዓት ያቆየዋል። ጠረጴዛው ላይ የቆዳ ቦርሳውን ያጋድማል፤ ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ ያየ ሰው የለም። መሬት ቢሉት ያውቃል፣ መንጃ ፈቃድ ቢሉት ያውቃል፣ ፍርድ ቤት ቢሉት ዳኛው የክርስትና ልጁ ነው። በአገሩ አንድም ጉዳይ በሕጉ ያልቃል ብሎ አያምንም፤ በሕጉ የሚሄድ ሰው ሲያይ እንደ ሞኝ ዘመድ ያዝንለታል።

ነፊሳ ዕቃዋ መድረሱ ተነግሯት ብቻዋን ወደ ጉምሩክ ሄዳ ነበር። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሠራተኛ ራሕዋ የሚያስፈልገውን አስረዳቻት፦ የአየር ጭነት ሰነዱ፣ መግቢያና መውጫ የተመታበት ፓስፖርት፣ በውጭ የኖረችበት የመኖሪያ ፈቃድ፣ መታወቂያ፣ የዕቃው ዝርዝር፣ የተገዛበት ደረሰኝ፣ ከዚያ ደግሞ ዕቃው የማን እንደሆነ ለይቶ የሚያስረዳና የተፈረመበት ማመልከቻ። ሳጥኑና ካርቶኖቹ እሷ ባለችበት ይፈተሻሉ፤ ቀረጥ የሚገባው ካለ ተተምኖ ይከፈላል፤ የመጋዘኑ ኪራይ ተከፍሎ መልቀቂያ ይሰጣል። እንዳትዘገይም አስጠነቀቀቻት፤ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ እንደ ተተወ ተቆጥሮ ለሐራጅ ይቀርባል።

ማታ ይህን ለሀፊዛ ስትነግራት ደጋጋ ሳይጠራ ከተፍ አለ። የተባለውን ሁሉ እንደ ተረት እየሳቀ ሰማው።

«እትዬ ነፊሳ፣ እርስዎ ብዙ ዘመን ውጭ ቆይተዋል፤ በቃ ይሄን ለኔ ይተዉት» አላት። «እነሱ የሚሉትና የሚሠራው ሌላ ነው። ማመልከቻውን እኔ አስጽፈዋለሁ፤ እርስዎ ጫፉ ላይ መፈረም ብቻ።»

ክፍያ አልጠየቀም። ሀፊዛ በዚህ ተገረመች። ደጋጋ ያለ ክፍያ ያስነጠሰበትን ቀን አታስታውስም ነበር።

ድሮ በእነ ነፊሳ ልጅነት ራፖር ጸሐፊ የሚባል ሰው ነበር። በፍርድ ቤት ደጅ ጥላውን ዘርግቶ፣ መነጽሩን በክር አስሮ፣ «ምንድን ነው በደልሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰምቶ ይጽፋል፤ ጽፎ ያነብልሻል። የደጋጋ ማመልከቻ ግን ማንም ምንም ሳይጠየቅ ከኮምፒውተር ቤት ታትሞ መጣ። «ክቡርነትዎ» በየመስመሩ ተዘርቶበታል። ነፊሳ «ለአገር ዕድገት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረከትኩ ዲያስፖራ» ተብላለች። ይህ ሁሉ ጉራ አልፎ አልፎ የሚያስቅ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን አንዲት የማታስቅ ዓረፍተ ነገር አለች፦ «በሦስቱም እሽግ ውስጥ የሚገኘው ዕቃ በሙሉ ያለ ልዩነት የግል መገልገያዬ መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

ነፊሳ እዚያ ላይ ቆመች። ከካርቶኖቹ በአንዱ ውስጥ የሷ ያልሆነ አለ። ጅዳ ሳለች የደጋጋ ሚስት እህት ሩሐማ ዙሪያውን በመርፌ የተሰፋ ጥቅል አምጥታ ለእህቴ ልጆች የሚሆን ልብስ ነው ብላ ሰጥታታለች። ተሰፍቶ የመጣ አደራ አይፈታም። የሰውን አደራ ፈትቶ ማየት ላኪዋን ሌባ ነሽ እንደ ማለት ነውና ነፊሳ ሳትነካው ከራሷ ብርድ ልብስ ሥር ሸጎጠችው፤ በዕቃው ዝርዝር ላይም «የልጆች ልብስ» ብላ ጻፈችው። ነገሩን ስታነሣበት ደጋጋ አገጩን አከከ። ለአንድ ጥቅል የልጅ ፒጃማ ብለሽ ጉዳይሽን አታወሳስቢ በሚል ዓይን አያት፤ በአፉ ግን በአክብሮት፣ «አደራ ከተቀበሉ በኋላ የእርስዎ ማለት ነው እኮ፣ እትዬ» አላት።

በማግስቱ አብረው ሄዱ። ደጋጋ በመንገድ ላይ ስልኩን አውጥቶ «አለቃ፣ መጣን» አለ፤ ማን እንደሰማው እግዜር ይወቀው። አዳራሹ ደርሰው ተራቸው ሲደርስ ቦርሳውን ይዞ ቀድሞ መስኮቱ ጋ ቆመ። ራሕዋ ቀና ብላ ባለቤት ነው ወይ ስትለው ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ አላት። የውክልና ወረቀት ጠየቀችው፤ የለውም። የጉምሩክ አስተላላፊነት ፈቃድ ጠየቀችው፤ እሱም የለውም። ኃላፊውን እንደሚያውቀው ሲነግራት ከኃላፊው ጋር በደንብ እንዲጨዋወት መክራ ወደ አግዳሚው ወንበር ሰደደችው። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቃቸውን በጭንብላቸውና በነጠላቸው ሸፈኑ። ደጋጋ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ፤ ፊቱን ላየው ወንበሩ ላይ የተላከው በሹመት ነው የሚመስለው።

ራሕዋ የነፊሳን ወረቀት አንድ በአንድ አየች። ፓስፖርቱ፣ መኖሪያ ፈቃዱ፣ መታወቂያው ስማቸው አንድ ነው። የማሽኑ ደረሰኝ በነፊሳ ስም ነው፤ በላዩ ያለው የማሽኑ ቁጥርም በዝርዝሩ ላይ ተጽፏል። ማመልከቻው ላይ ስትደርስ የክቡርነትዎን ጫካ ዘልላ መጨረሻው ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ይሄን ገና አልፈረሙበትም?»

«አልፈረምኩም።»

«ከፈረሙበት ያለው ሁሉ የእኔ ነው ማለትዎ ነው። ሁሉንም ያሸጉት እርስዎ ነዎት?»

ነፊሳ ወደ ኋላዋ ዞረች። ደጋጋ ከአግዳሚው ላይ ጭንቅላቱን ወደ ታች ወደ ታች ይነቀንቃል፤ ፈርሚ፣ ፈርሚ ነው። አደራ ማጋለጥ በሷ ዘንድ ከስርቆት ብዙም አይርቅም። ካዛንቺስ ያደገ ሰው እህል ባይኖረው አደራ አይበላም፤ አሳልፎም አይሰጥም። ግን ያንን ሳጥን አሰበችው። የማታውቀውን የኔ ነው ብትል፣ የምታውቀውንም ይዞባት ሊሄድ ነው።

«አንድ የተሰፋ ጥቅል አለበት» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «የሰው አደራ ነው። ምን እንዳለበት አላየሁም።»

ራሕዋ አልተቆጣችም፤ አላደነቀቻትምም። ከመፈተሹ በፊት ያሳወቁት ሌላ፣ ተገኝቶ የሚያስረዱት ሌላ መሆኑን ነግራ ንጹሕ ወረቀት ሰጠቻት። ነፊሳ መስኮቱ ጥግ ቆማ በእጇ ጻፈች። ማሽኑ የኔ ነው፣ ደረሰኙ ይኸው። ብርድ ልብሱ፣ ድስቶቹ፣ ልብሱ የኔ ነው፤ ስገለገልበት የኖርኩት ነው። በሁለተኛው ካርቶን ያለው የተሰፋው ጥቅል የኔ አይደለም፤ ሩሐማ የተባለች ሴት ለእህቷ እንዳደርስላት የሰጠችኝ ነው፤ ከፍቼ አላየሁትም፤ ዝርዝሩ ላይ የጻፍኩት እሷ ያለችኝን ነው። ፈረመች። አስተዋጽኦዋም ዲያስፖራነቷም ሳይነሣ አንድ ገጽ አልሞላም።

መጋዘኑ ውስጥ ፈታሹ ሳጥኑን ከፈተ፤ የማሽኑን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር አስተያየና አለፈ። ካርቶኑን ከፈተ። ድስቱን አንኳኳ፣ ብርድ ልብሱን ገለጠ። ጥቅሉን በምላጭ ሲቀደው ላይ ላዩ እውነትም የልጅ ፒጃማ ነበር። ከፒጃማው ሥር ግን አዳዲስ ስልኮች፣ ፕላስቲካቸው ያልተነሣ፣ እንደ ጡብ ተደርድረዋል። የደጋጋ ሚስት ልጆች ቢቆጠሩ ለአንዳንዳቸው የሚደርሰው ስልክ በሁለት ጆሮ የሚያልቅ አልነበረም።

ነፊሳ አፏን በእጇ ከደነች። ደጋጋ ያለ ክፍያ ለምን እንደ ሮጠላት፣ «በሙሉ ያለ ልዩነት» የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ አሁን ገባት። ፈርማ ቢሆን ኖሮ ስልኮቹ የሷ፣ ጥያቄውም የሷ፣ ምናልባት ማሽኑም የማንም ይሆን ነበር። ፈታሹ ቃሏን ከጽሑፏ ጋር አመሳክሮ ቃለ ጉባኤ ያዘ። ይህ መጠን ለንግድ እንጂ ለግል መገልገያ አይደለም አለ፤ ስልኮቹ ለብቻ ተቆጥረው ተያዙ፤ ባለቤት ነኝ የሚል ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ ተባለ። እሷን ብዙ ጠየቋት፤ የሩሐማንም ስልክ ቁጥር ወሰዱ። የቀረው ዕቃ በጽሑፏ መሠረት ታየላት። የተተመነባትን ከፈለች፣ የመጋዘኑንም ከፈለች፣ መልቀቂያውን ይዛ ማሽኗን በጭነት ታክሲ አስጫነች። አዳራሹ ውስጥ ደጋጋን ብትፈልገው አግዳሚው ባዶ ነው። ቦርሳውም የለም።

ሰንበት ላይ ግን ብቅ አለ፤ ያውም ሽማግሌ ይዞ። አቶ ሀይሉና ሐጂ ዓብዱልመጂድ ከካዛንቺስ ዘመን ጀምሮ ሁለቱንም ያውቋቸዋል። ደጋጋ ቤቱ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ በሐዘን ድምፅ ተናገረ። አደራ ጥንት እንዴት ይከበር እንደ ነበር፣ ሰው ዐረብ አገር ሲኖር ልቡ እንዴት እንደሚደነድን፣ የአንዲት ምስኪን ሴት የላብ ዋጋ ጉምሩክ እጅ እንዴት እንደ ወደቀ አተተ። ነፊሳ መክፈል አለባት አለ። ሀፊዛ ከንፈሯን ነክሳ ሻይ ቀዳች።

ነፊሳ ሲጨርስ ጠበቀችው።

«ደጋጋ፣ ዕቃህ እኮ አልጠፋም። እዚያው ተቆጥሮ ተቀምጦልሃል። ደረሰኝህንና መታወቂያህን ያዝ፣ ሂድና የኔ ነው በል።»

ሐጂ ዓብዱልመጂድ ወደ ደጋጋ ዞሩ። ደረሰኝ አለ ወይ ብለው በቅን ልቦና ጠየቁት። ደጋጋ ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ፣ የሚስቱ እህት ጉዳይ እንደሆነ፣ እሱ በቀጥታ ባለቤት ሊባል እንደማይችል ማስረዳት ጀመረ።

«ልጄ፣» አሉት ሐጂ፣ «ባለቤት ካልሆንክ እኛን ምን አድርገህ አመጣኸን?»

ደጋጋ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ፤ ቀጠሮ ነበረው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን የቀረበላቸውን እስኪጨርሱ ተቀመጡ። አቶ ሀይሉ በመጨረሻ ሱሪያቸውን ዝቅ ብለው አዩና እግሩ ረዝሞ መሬት እንደሚጠርግ ነገሯት። ነፊሳ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና ቀጥ ብለው እንዲቆሙላት ጠየቀቻቸው።