ከልዩነቱ ዓምድ የፋቅሁት

በቢቸና የከተማው ውኃ መዝጋቢ ሆኜ ስቀጠር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የቀረውን ካገኘሁት መጽሐፍ ለቃቅሜ ነው የተማርሁት። ድምፄ ዝቅ ያለ ስለሆነ ስናገር ሰው ልብ አይለኝም። የእጅ ጽሑፌ ግን ያምር ነበር፤ ቁጥሮቼ የታተሙ ይመስሉ ነበር። የማፍርበት ነገር የጀመረው ከዚህ ነው።

ፓምፑ ከከተማው በታች ካለው ጉድጓድ ውኃውን ኮረብታው ላይ ወዳለው ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ ይገፋል። ከትልቁ ገንዳ ግርጌ አጭር ቧንቧ ወጥቶ ዝቅ ብሎ በተሠራ ትንሽ ገንዳ አናት ላይ ያፈሳል። ከትንሹ ገንዳ ደግሞ ውኃው በቆጣሪ አልፎ ወደ ቦኖዎቹና ወደ ጤና ጣቢያው ይወርዳል። ትንሹ ገንዳ ውስጥ በሴንቲ ሜትር የተሰመረ ዘንግ ቆሟል፤ ከፍታውን ማንም ያነበዋል። የትልቁን ግን የሚያይ የለም። መለኪያው ዝጎ ወድቋል፣ ክዳኑ አራት ሰው የሚያነሣው የሲሚንቶ ንጣፍ ነው፣ ውኃው እንዳይበከልም ያለ ፈቃድ አይከፈትም። ናፍጣ በራሽን ስለነበር ፓምፑ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚነሣው። ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ለመወሰን የሚያስፈልገን ያው የማናየው ከፍታ ነበር።

ሳያዩ የማወቂያውን መላ ያስተማረኝ ሞጣ ላይ የውኃ መስመር ያሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። ቢቸና መጥቶ መዝገቤን ካየ በኋላ ሦስት ቀን ሞጣ አስቀምጦ አስተማረኝ።

«በወረቀት ላይ ሌላ ሁለት ገንዳ ሥራ» አለኝ። «ፓምፑ ያስገባውን ለወረቀቱም አስገባለት። በቆጣሪው የወጣውን ከወረቀቱም አውጣ። ወረቀቱ ትንሹ ገንዳ ስንት መሆን እንዳለበት ይነግርሃል። ከዚያ ሄደህ ዘንጉን አንብብ።»

«ካልተስማሙስ?»

«አይስማሙማ!» ብሎ ሳቀ። «የትልቁን ከፍታ የጀመርኸው በግምት አይደለም እንዴ? ዘንጉ ከወረቀቱ ዝቅ ካለ፣ ወደ ትንሹ የፈሰሰው ካሰብኸው አንሷል። ያነሰውም ትልቁ ገንዳ ካሰብኸው ዝቅ ስላለ ነው፤ ውኃው ሲጎድል ቧንቧው ላይ ያለው ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ ከልዩነቱ ግማሹን ወስደህ ሁለቱንም የወረቀት ገንዳ ዝቅ አድርግ። በየሰዓቱ እንዲህ እያረምህ ስትሄድ፣ አነሣስህ ስሕተት ቢሆን እንኳ ወደ እውነቱ ትጠጋለህ።»

ለምን ሙሉውን እንደማንወስድ ጠየቅሁት። ነፋስ ውኃውን ስለሚያወዛውዝ የዘንጉ ንባብ ራሱ ጥቂት ይዋሻል፤ ሙሉውን ብንወስድ ወረቀቱ ከሞገዱ ጋር ይዘላል፣ በጣም ጥቂት ብንወስድ ደግሞ አይማርም አለኝ። በውጭ አገር ኦብዘርቨር እንደሚሉት ነገረኝና «አንተ ተመልካች በለው» አለ። ቀጥሎ የተናገረውን ጻፍ ስላለኝ ጽፌዋለሁ፦ ልዩነቱ እየቀነሰ ካልሄደ፣ ሁልጊዜም በአንድ ወገን ከሆነ፣ አውቀዋለሁ ያልኸውን ነገር አታውቀውም።

ቢቸና ተመልሼ በሁለት ሳምንቴ ክዳኑ በፈቃድ ተከፈተ። ወረቀቴ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት ይላል፤ ገንዳው ውስጥ የገባው ዘንግ አንድ ሜትር ከሰማንያ አሳየ። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሱት ሰውዬ ከአራቱ ክዳን አንሺዎች አንዱ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ።

«በሲሚንቶ ውስጥ የሚያይ ዓይን! ቤቴን እንዳታይብኝ እንጂ» ብለው አሳቁን። ያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልዩነቱ አልቀንስ አለ። ዘንጉ ከወረቀቱ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴ አምስት ሳንቲ ዝቅ ይላል፤ አንድ ቀንም ከፍ ብሎ አያውቅም። ፓምፑ ሲሠራ ይሰፋል፣ ፓምፑ ከጠፋ በኋላ እየጠበበ ይሄዳል። ይህን አይቻለሁ፤ አላየሁም ማለት አልችልም። ጋሼም ነግረውኛል።

«አንተ ልጅ፣ ሞተሩ ያው ነው፣ ፓምፑ ግን ድምፁ ተለውጧል። ውኃውን እንደ ድሮው አይይዘውም።»

«ሳህኑ ላይ የተጻፈው አልተለወጠም ጋሼ» አልኋቸው። ሳህን የምለው ፓምፑ ላይ የተበየደውን የፋብሪካ ጽሑፍ ነው፤ በዚያ ጽሑፍ መሠረት ፓምፑ በሰዓት የሚገፋው ውኃ ትልቁን ገንዳ አሥራ ሁለት ሳንቲ ከፍ ያደርጋል። አውቀዋለሁ ያልሁት ነገር ይኸው ነበር።

«እንግዲያው ሳህኑ ይግፋልህ» ብለው ሄዱ።

በዚያው ሰሞን ከሞጣ ደብዳቤ ደረሰኝ። አዲሱ የሞጣ መስመር ቴክኒሻን ይፈልጋል፣ መዝገብህን ይዘህ ና ይላል። መዝገቤን ገልጬ ሳየው የልዩነቱ ዓምድ በአንድ ወገን ቁጥር ተሞልቷል። አስጠላኝ። አዲስ ደብተር ገዛሁና ገለበጥሁት፤ ስገለብጥ የዘንጉን ንባቦች ወደ ወረቀቱ እያስጠጋሁ ልዩነቱን አንድ፣ ባዶ፣ አንድ አደረግሁት። ከዚያ ወዲያ መመለስ አልተቻለኝም። እውነተኛውን ንባብ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ እጽፍና ኪሴ እከታለሁ፤ ደብተሩ ላይ ያማረውን እጽፋለሁ። እርማቱን የምሠራው ካማረው ልዩነት ስለነበር ወረቀቱ ዘንጉን መስማት አቆመ። ትልቁ ገንዳ እየጎደለ ሳለ በእኔ ደብተር ሞላ።

ሞጣ ላይ መሐንዲሱ ደብተሩን ገጽ በገጽ አየው። «ቢቸና ነፋስ አይነፍስም እንዴ?» አለኝ።

«ረጋ ብዬ ነው የማነበው።»

ቀና ብሎ አየኝና ደብተሩን ለቀጣሪው ኮሚቴ አሳለፈ። ኮሚቴው ግን ደብተሩን እየተቀባበለ አደነቀ፤ ቦታው ያንተ ነው ተባልሁ። ቢቸና ስመለስ ደብተሩ ገንዳው ሁለት ሜትር አልፏል ስለሚል፣ ናፍጣ ለመቆጠብ የፓምፑ ሰዓት ከአምስት ወደ ሦስት ዝቅ ይበል ብዬ ያሳሰብሁት እኔው ነኝ። በዘጠኝ ቀኑ፣ በግንቦት ሙቀት፣ ውኃው ቆመ። ቦኖው ላይ እንስራና ጀሪካን ተሰለፈ፤ ጤና ጣቢያው ከወንዝ አስቀዳ።

ክዳኑ ሲነሣ ከገንዳው ወለል ላይ አንድ ስንዝር ውኃ ብቻ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ደብተሬን ገልጦ ይዟል።

«ሁለት ሜትር ከአሥር ይላል። ይህ ሁሉ ውኃ የት ገባ?»

ሊቀመንበሩ ወደ ጋሼ ዞረ። «ሞተሩን ሳታስነሣ አስነሣሁ እያልህ ናፍጣውን ሸጠሃል። ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው።»

«እኔ? ጓድ ሊቀመንበር፣ በየቀኑ አስነሥቻለሁ። ይኸው እሱ እዚህ ኮረብታ ላይ ሆኖ ድምፁን ይሰማ የለም? ጠይቁት!»

ጠየቁኝ። ድምፁን በየቀኑ ሰምቻለሁ፤ ውኃው ገንዳው ውስጥ ሲወርድም ሰምቻለሁ።

«ሁልጊዜ ልብ አልለውም» አልሁ።

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋሼን ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወስደው እዚያ አሰሯቸው።

በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው ምግብ አድርሰው ሲመለሱ ቢሮዬ ገቡ። ጋሼን ወደ ደብረ ማርቆስ እስር ቤት ሊልኳቸው ነው ሲባል ሰምተዋል።

«ልጄ፣ ጽሕፈትህ ያምራል ይሉኛል። ማመልከቻ ጻፍልኝ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ እትዬ?»

«እውነቱን ነዋ። አንተ አብረኸው የምትውል፣ ከኔ ይልቅ ታውቀው የለ?»

ወረቀት አወጣሁ፤ ቀኑን ጻፍሁ፣ «ለቀበሌው ሊቀመንበር» ብዬ ከሥሩ አሰመርሁ። ከዚያ በላይ እጄ አልሄደም። እሳቸው የተጻፈውን እያዩ «እንዴት ያምራል!» አሉ። ነገ አደርሳለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ኪሴን ዳሰስሁ፤ ካርቶኖቹ አሉ። እህል ጭኖ በሚሄድ መኪና በዚያው ቀን ሞጣ ገባሁ።

መሐንዲሱ ካርቶኖቹን በየቀናቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። ምንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እርሳስ አንሥቶ በእውነተኛው ንባብ ሒሳቡን ከመጀመሪያው ሠራው፤ ግማሽ ቀን ፈጀበት።

«የፓምፑን ሰዓት ያስቀነስህ ዕለት ትልቁ ገንዳ አርባ ሳንቲ ገደማ ነበር» አለ። «ይህን ዓምድ ደግሞ እይ። ገንዳው ቢያፈስ ኖሮ ልዩነቱ ሌት ተቀን ይኖር ነበር። ይህ የሚያድገው ፓምፑ ሲሠራ ብቻ ነው። ሰውየው ሞተሩን አስነሥቷል። ፓምፑ ነው የሚገባውን ያህል ያልገፋው። ነግሮህ ነበር?»

«ነግረውኛል።»

«ካርቶኖቹን እኔ አላሳይልህም። አንተ ታሳያለህ።»

በማግስቱ ቢቸና ገባን። መሐንዲሱ ከፓምፑ የሚመጣውን ቧንቧ ከትልቁ ገንዳ አፍ ላይ አስፈትቶ በርሜል አስቀመጠ፤ ሊቀመንበሩን ሰዓቱን አስያዘው። በሳህኑ ጽሑፍ በርሜሉ በሁለት ደቂቃ መሙላት ነበረበት። ሞተሩ ተነሣ፤ በርሜሉ የሞላው ግን በሦስት ደቂቃ ነው። ፓምፑ ሲፈታ ውኃውን የሚገፋው መዘውር በደለል ተበልቶ ጠርዙ ሳስቷል።

«ታዲያ ደብተሩ ሁለት ሜትር ያለው ለምንድን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

መሐንዲሱ ወደ እኔ አየ። «ቁጥሩን የለወጥሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

«ምን? ጮክ በል!»

«የዘንጉን ንባብ የለወጥሁት እኔ ነኝ። የሞተሩንም ድምፅ በየቀኑ ሰምቻለሁ።»

ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እየዘረጋሁ አሳየሁ። ጋሼ ከሰዓት በኋላ ተለቀቁ። የሞጣው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ በስብሰባ ፊት ቆሜ ራሴን እንድወቅስ ተደረገና፣ ሒሳቡን የሚሠራ ሌላ ሰው ስላልነበረ በመዝጋቢነቴ ቆየሁ። የባለቤታቸውን ማመልከቻ አላደረስሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ፓምፑ ተጠግኖ በተነሣ ዕለት ጋሼ ሞተሩን አስነሥተው፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየደገፉ ኮረብታውን ወጡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ። ወደ ትንሹ ገንዳ ጎንበስ ብለው ዘንጉን ራሳቸው አነበቡ።

«ሰማንያ ሰባት። ወረቀትህ ስንት ይላል?»

«ሰማንያ ዘጠኝ።»

«እንግዲያው ሁለት ይለያያል።»

«አዎ ጋሼ።»

«ጻፈው።»

ጻፍሁት።

«አሳየኝ።»

ደብተሩን ሰጠኋቸው። ራቅ አድርገው ይዘው ቁጥሩን በጣታቸው ተከተሉት፤ ደብተሩን መልሰው ሰጡኝና ወደ ሞተራቸው ወረዱ። እዚያ በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት ፓምፑ በተነሣ ቁጥር እንዲሁ ይወጡ ነበር፤ ጉልበታቸው በጣም ባመማቸው ቀን እንኳ አልቀሩም። ሌላ ነገር ግን አንሥተውብኝ አያውቁም።